ታሪፍ፣ ኮታ፣ ላይሰንሲንግ፣ ጆይንት ቬንቸር፦ ኪዊዝ ላይ ስለሚያደናግሩን ነገሮች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ኢንተርናሽናል ቢዝነስ የሚወስዱ ልጆችን ቅዳሜ ቅዳሜ አስጠናለሁ። ቦታችን አዌቱ ወንዝ አጠገብ ጀበና ቡና የምትሸጥ እናት ዘንድ ነው። እዚያ በየሳምንቱ የሚነሱት ጥያቄዎች አንድ ዓይነት ናቸው። እኔም እየደጋገምኩ ከምለፈልፍ ብዬ እዚህ ጻፍኳቸው። ትርጉም መሸምደድ የሚፈልግ ሰው ሀንድአውቱን ይክፈት፣ እዚህ ያለው ልጆቹ ነጥብ የሚጥሉበት ቦታ ነው።

ታሪፍም ኮታም ዕቃ ያስወድዳሉ። ታዲያ ልዩነታቸው ምንድነው?

ልዩነቱ ገንዘቡ ማን ኪስ ይገባል የሚለው ነው። በቃ። ግን ቁጥር ካላየን አይገባም፣ ስለዚህ አንድ ምናባዊ አገር እንውሰድ።

አገሪቱ ብስክሌት ታስገባለች። የዓለም ዋጋው 4,000 ብር ነው። በዚህ ዋጋ ሕዝቡ በዓመት 100,000 ብስክሌት ይገዛል፣ የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች 20,000 ያመርታሉ፣ የቀረው 80,000 ከውጭ ይገባል። መንግሥት 25 ከመቶ ታሪፍ ጣለ እንበል። ዋጋው 5,000 ብር ሆነ። አሁን የሚገዛው ሰው ወደ 90,000 ወረደ፣ ፋብሪካዎቹ ዋጋው ስለጣማቸው 40,000 አመረቱ፣ ከውጭ የሚገባው 50,000 ብቻ ሆነ።

እስቲ ገንዘቡን እንከተለው። ከውጭ በገባው በእያንዳንዱ ብስክሌት ላይ 1,000 ብር ጉምሩክ ይወስዳል። 1,000 ሲባዛ በ50,000፣ 50 ሚሊዮን ብር ነው። ይህ የመንግሥት ገቢ ነው። የአገር ውስጥ አምራቾች ደግሞ ተጨማሪ 30 ሚሊዮን ያገኛሉ። 1,000 ብሩን በ20,000 እና በ40,000 አማካይ፣ ማለትም በ30,000 አባዙት። ሸማቹ ስንት ከሰረ? በተመሳሳይ መንገድ 1,000 በ95,000፣ 95 ሚሊዮን። ከ95 ላይ 50 እና 30 ሲቀነስ 15 ሚሊዮን ይተርፋል። ይህ 15 ሚሊዮን ማንም ኪስ አልገባም። ዴድዌይት ሎስ የሚባለው እሱ ነው።

አሁን መንግሥት ታሪፉን ትቶ «በዓመት ከ50,000 ብስክሌት በላይ አይገባም» አለ እንበል። ኮታ ማለት ይህ ነው። ዋጋው ያው 5,000 ይሆናል፣ የሚገባውም ያው 50,000 ነው። ሸማቹ የሚከስረው 95 ሚሊዮንም ፍንክች አይልም። ነገር ግን ጉምሩክ ያቺን 50 ሚሊዮን አያገኛትም። ኮታው የተሰጣቸው አስመጪዎች በ4,000 ገዝተው በ5,000 ይሸጣሉ፣ ልዩነቱም የእነሱ ነው። ኮታ ሬንት ይባላል። በኮታ ስኳርና ዘይት ተሰልፎ የወሰደ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። ወረቀቱን የያዘው ሰው ነው የሚጠቀመው።

ኪዊዝ ላይ የምትወድቁት «ኮታ ለመንግሥት ገቢ ያስገኛል» በሚለው እውነት ወይስ ሐሰት ጥያቄ ነው። መልሱ በአብዛኛው ሐሰት ነው። አንድ ሁኔታ ብቻ አለ፣ መንግሥት የኮታ ወረቀቱን በጨረታ ከሸጠ ገንዘቡ ወደ እሱ ይመለሳል። ስለዚህ ጥያቄው ውስጥ ጨረታ የሚል ቃል መኖር አለመኖሩን አይታችሁ መልሱ።

ኮታውን የሚቆጣጠረው ላኪው አገር ቢሆንስ?

ያኔ 50 ሚሊዮኑ ጭራሽ ድንበር ተሻግሮ ይሄዳል። የፈቃደኝነት የኤክስፖርት ገደብ የሚሉት ይህ ነው፣ «ፈቃደኝነት» የሚለው ቃል ግን ብዙም አያታልላችሁ፣ ጫና ሳይበዛበት በራሱ ላይ ገደብ የሚጥል ነጋዴ አላየሁም።

በየመማሪያው የሚጠቀሰው ምሳሌ የጃፓን መኪና ነው። በ1981፣ እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፣ ጃፓን ወደ አሜሪካ የምትልከውን መኪና በዓመት 1.68 ሚሊዮን ላይ ለመገደብ ተስማማች። ገደቡ የሚቆጥረው የመኪናውን ብዛት እንጂ ዋጋውን አይደለም። ታዲያ የጃፓን ኩባንያዎች ምን አደረጉ? በአንድ መኪና የበለጠ የሚያተርፉባቸውን ትልልቅና ውድ ሞዴሎች መላክ አበዙ። የተፈቀደላችሁ አሥር ኩንታል ብቻ ከሆነ ተራውን ትታችሁ ምርጡን ቡና ትጭኑ የለ? እንደዚያ ነው።

ሌላው ያደረጉት ደግሞ እዚያው አሜሪካ ገብቶ ማምረት ነው። ሆንዳ ኦሃዮ ውስጥ ሜሪስቪል ላይ በ1982 መኪና መገጣጠም ጀመረ። ውጥኑ ከገደቡ ትንሽ ቀደም ብሎ የተነገረ ቢሆንም ገደቡ መምጣቱ ፋብሪካውን ወርቅ አደረገው። ቶዮታ ደግሞ ከጄኔራል ሞተርስ ጋር እኩል በእኩል ተካፍሎ ካሊፎርኒያ ፍሪሞንት ላይ በ1984 ምርት ጀመረ። አያችሁ፣ ኮታ የሚለው ምዕራፍና ወደ ውጭ ገበያ መግቢያ መንገዶች የሚለው ምዕራፍ እዚህ ጋ ይገናኛሉ። በሀንድአውት ላይ ተራርቀው ስለተቀመጡ ብቻ የተለያየ ነገር ይመስላችኋል።

ታሪፍና ኮታ ዋጋውን እኩል ካስወደዱት፣ በኋላም እኩል ሆነው ይቀጥላሉ?

አይቀጥሉም። አስተማሪዎች በጣም የሚወዷት ጥያቄ ናት። የብስክሌቱ አገር ሕዝብ በዛ፣ በ5,000 ብር ዋጋ 10,000 ተጨማሪ ገዢ መጣ እንበል። ታሪፍ ከሆነ፣ ያው 1,000 ብሩ ተከፍሎ 10,000 ተጨማሪ ብስክሌት ይገባል፣ ዋጋው 5,000 እንዳለ ይቆያል፣ ጉምሩክም 60 ሚሊዮን ያገኛል። ኮታ ከሆነ ግን በሩ 50,000 ላይ ተዘግቷል። ስለዚህ ዋጋው ከ5,000 በላይ ይወጣል፣ የኮታ ባለቤቶችም ትርፍ ያብጣል። «ፍላጎት ሲጨምር ሸማቹን የበለጠ የሚጎዳው የቱ ነው» ከተባላችሁ ኮታ ነው።

ዕቃዬ ላይ 20 ከመቶ ታሪፍና 15 ከመቶ ቫት አለ። በድምሩ 35 ከመቶ ነው አይደል?

አይደለም። 38 ነው። ታሪፉ የሚሰላው የዕቃው ዋጋ፣ ኢንሹራንስና ማጓጓዣ ተደምረው በሚመጣው ላይ ነው፣ ሲአይኤፍ የሚባለው። እሱ 100,000 ብር ከሆነ ታሪፉ 20,000 ነው። ቫቱ ግን ታሪፉን ጨምሮ በ120,000 ላይ ስለሚታሰብ 18,000 ይሆናል። ድምሩ 38,000። ሌሎቹን የጉምሩክ ክፍያዎች ትቼ ነው። እኔ ራሴ ተማሪ እያለሁ ይህንን ደምሬ 35 ጽፌ ሁለት ማርክ አጥቻለሁ፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሌላ ወጥመድም አለ። ጥያቄው የፋብሪካ በር ዋጋ ይሰጣችሁና ማጓጓዣውን ራቅ አድርጎ ሌላ አረፍተ ነገር ውስጥ ይደብቀዋል። ከማባዛታችሁ በፊት ዋጋውን ሲአይኤፍ አድርጉት።

አውሮፓ ጥሬ ቡና ያለ ታሪፍ ያስገባል፣ የተቆላውን ግን ይቀጣል የሚባለው እውነት ነው?

ለጅማ ልጅ ይህ ጥያቄ የቤት ጉዳይ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

በአውሮፓ ኅብረት መደበኛ ታሪፍ፣ ካፌይኑ ያልወጣ ጥሬ ቡና ዜሮ ከመቶ ነው፣ ተቆልቶ ከመጣ 7.5 ከመቶ ነው። ይህ እያደገ የሚሄድ ታሪፍ ይባላል። ዕቃው በተሠራ ቁጥር ታሪፉ ይጨምራል።

7.5 ትንሽ ትመስላለች። ኪዊዙ ግን ውጤታማ የጥበቃ መጠኑን ሲጠይቃችሁ ትበልጣለች። ለምሳሌ ጥሬው ቡና 100 ዩሮ፣ ተቆልቶ 150 ዩሮ ነው እንበል፣ ቁጥሩ የእኔ ነው። መቁላቱ የጨመረው ዋጋ 50 ዩሮ ነው። ታሪፉ 150 ላይ 7.5 ከመቶ፣ ማለትም 11.25 ዩሮ ነው። ያንን ለ50 ስታካፍሉት 22.5 ከመቶ ይመጣል። የአውሮፓ ቆዪ ይህን ታሪፍ ከሚከፍል የውጭ ቆዪ የሚከለለው በ7.5 ሳይሆን በ22.5 ነው ማለት ነው፣ ምክንያቱም ጥሬ ዕቃውን ሁለቱም የሚያገኙት ያለ ታሪፍ ነው።

አሁን ወጥመዱ። «ስለዚህ ኢትዮጵያ የተቆላ ቡና የማትልከው በአውሮፓ ታሪፍ ምክንያት ነው» ብላችሁ እንዳትጽፉ! ኢትዮጵያ ከ2001 ጀምሮ ከመሣሪያ በስተቀር ሁሉም ዕቃ ያለ ታሪፍ ይግባ በሚለው የአውሮፓ መርሐ ግብር ውስጥ ናት። የተቆላውም የእኛ ቡና ዜሮ ነው የሚከፍለው። የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው። የተቆላ ቡና መዓዛው ቶሎ ይጠፋል፣ ጥሬው ግን ወራት ይቆያል፣ እዚያ ያሉት ቆዪዎች ደግሞ የብዙ አገር ቡና ቀላቅለው የሚሸጡበት የተለመደ ስም አላቸው። 7.5 የሚያገባቸው ይህ ዕድል የሌላቸውን አገሮች ነው።

እሺ፣ ታሪፍ ሲኖር ኤክስፖርት ይሻላል፣ ላይሰንሲንግ ወይስ ጆይንት ቬንቸር?

«ታሪፍ ካለ ላይሰንሲንግ» ብሎ መሸምደድ አደጋ አለው። መጠኑ ነው የሚወስነው። አንድ የጅማ ቡና ቆዪ ወደ ሆነ ጎረቤት አገር መግባት ፈለገ እንበል። እዚያ ኪሎው በ1,200 ብር ይሸጣል፣ 10,000 ኪሎ ገበያ አለ። ጅማ ላይ ማዘጋጀቱ 800፣ ማድረሱ 100 ብር ይፈጃል።

ታሪፍ ከሌለ ነገሩ ቀላል ነው። በኪሎ 300 ብር፣ በድምሩ 3 ሚሊዮን ያተርፋል። ኤክስፖርት ያድርግ።

ታሪፉ 20 ከመቶ ሆነ፣ ዋጋውን መጨመር ግን አይችልም፣ ምክንያቱም እዚያ ያለው ገዢ ከ1,200 በላይ አይከፍልም። ስለዚህ ድንበር ላይ የሚደርሰው ዋጋ 1,000 መሆን አለበት። 1,000 ላይ 20 ከመቶ ሲጨመር 1,200 ነውና። በኪሎ 100 ብር ቀረው፣ በድምሩ 1 ሚሊዮን። በዚያው ጊዜ የዚያ አገር ቆዪ «ስምህንና አቆላልህን ስጠኝ፣ ከሽያጩ 5 ከመቶ ልክፈልህ» ቢለው፣ ላይሰንሲንግ ይህ ነው፣ በኪሎ 60 ብር ሮያሊቲ፣ በድምሩ 600,000 ያገኛል። አሁንም ኤክስፖርት ይበልጣል።

ታሪፉ 30 ከመቶ ሲሆን ግን ይገለበጣል። 1,200 ለ1.3 ሲካፈል 923 ብር ገደማ ነው። ከእሱ 900 ወጪ ስትቀንሱ በኪሎ 23 ብር፣ በድምሩ 230,000 ብቻ ይቀራል። ሮያሊቲው ግን ያው 600,000 ነው፣ ምክንያቱም ድንበር የሚሻገረው ቡናው ሳይሆን ዕውቀቱ ነው፣ ቡናውን እዚያው ያገኙታል ብለን።

ጆይንት ቬንቸሩስ? እዚያ ካለ ሰው ጋር መቁያ ቤት ከፈቱ፣ በኪሎ 250 ብር ያተርፋሉ እንበል፣ በድምሩ 2.5 ሚሊዮን፣ ግማሹ 1.25 ሚሊዮን የእሱ ነው። ከሁሉም ይበልጣል፣ አይደል? ግን ለማሽንና ለቤት ድርሻውን 4 ሚሊዮን ብር አስቀድሞ አውጥቷል። ሸሪኩ ቢጣላው ወይ ሥራው ቢከስር ያ ገንዘብ አብሮ ይሄዳል። ላይሰንሲንግ ላይ ያወጣው ምንም የለም። ኪዊዙ «አነስተኛ ካፒታል» የሚል ቃል ከጣለ ላይሰንሲንግ፣ «ቁጥጥርና አደጋ መጋራት» ካለ ጆይንት ቬንቸር የሚባለው ለዚህ ነው።

ላይሰንሲንግ ዋጋ የሚያስከፍለው ዘግይቶ ነው። የአሜሪካው አርሲኤ የቀለም ቴሌቪዥን ቴክኖሎጂውን ለጃፓን ኩባንያዎች በላይሰንስ ሰጠ። እነሱ ተምረው፣ አሻሽለው፣ በራሱ አገር ተወዳደሩት። «የራስን ተፎካካሪ መፍጠር» የሚል ምርጫ ካያችሁ መልሱ ያ ነው።

ላይሰንሲንግ ማለት መንግሥት ለውጭ ኩባንያ ፈቃድ መስጠቱ አይደለም እንዴ?

ይህ የአማርኛችን ጣጣ ነው። ሁለቱንም «ፈቃድ» እንላቸዋለን። ባለፈው አንዲት ጎበዝ ልጅ ለላይሰንሲንግ ምሳሌ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያን ጻፈችና ተሳሳተች። በ2021 ሳፋሪኮም የመራው ቡድን ለቴሌኮም ፈቃድ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል፣ ያ ግን መንግሥት የሰጠው የሥራ ፈቃድ ነው። የመግቢያ መንገዱ ሌላ ነው። ቮዳኮምና የጃፓኑ ሱሚቶሞ የመሳሰሉ ተባባሪዎች አብረው ገንዘብ አዋጥተው አዲስ ኩባንያ አቋቋሙ፣ ስለዚህ ወደ ጆይንት ቬንቸር ነው የሚጠጋው።

ለማጣራት አንድ ጥያቄ ይበቃል። ፈቃዱን ማን ሰጠ? መንግሥት ከሆነ የሥራ ፈቃድ ነው። የንግድ ምልክት ወይም ፓተንት ያለው ኩባንያ ለሌላ ኩባንያ ከሰጠ ላይሰንሲንግ ነው።

ላይሰንሲንግ ያለ ሮያሊቲ ይኖራል?

አለ፣ እሱም የእኛው ነው። ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ተነሳች፣ ከስታርባክስም ጋር ብዙ ተወዛግባ በ2007 ተስማሙ። የላይሰንስ ስምምነቱ ሮያሊቲ አልነበረበትም። የተፈለገው ስሞቹ የኢትዮጵያ መሆናቸው እንዲታወቅና ገበያቸው እንዲሰፋ ነበር። ስለዚህ «ላይሰንሲንግ ሁልጊዜ ሮያሊቲ ያስከፍላል» ከተባለ «ሁልጊዜ» የሚለውን ቃል ተጠራጠሩ። ጅማ ከሦስቱ ስሞች ውስጥ አለመኖሯ ደግሞ ቡና ሻጯ እናታችን ዘንድ ሁሌ የሚነሳ ቅሬታ ነው።

በደሌ ቢራ ጆይንት ቬንቸር ነው?

አይደለም፣ ግዢ ነው። ከአጋሮ አልፎ በደሌ ያለውን ፋብሪካ ሄይንከን በ2011 የሐረር ቢራን ፋብሪካ ጨምሮ ከመንግሥት ገዝቶታል። የነበረ ፋብሪካ መግዛት አኩዊዚሽን ነው። ያው ኩባንያ በኋላ አዲስ አበባ ቂሊንጦ ላይ ከመሬት ተነስቶ ፋብሪካ ሠራና በ2015 ከፈተ፣ ያ ደግሞ ግሪንፊልድ ነው። አንድ ኩባንያ በአንድ አገር በሁለት መንገድ ገባ። «ኩባንያው የመረጠው መንገድ የቱ ነው» ከተባላችሁ የትኛው ፋብሪካ እንደሆነ ሳታዩ አትመልሱ።

ጆይንት ቬንቸር ለመባል ሁለት ባለቤቶች ያስፈልጋሉ። የኢትዮጵያ ሕግም ለዚህ ማበረታቻ ሰጥቷል። በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 መሠረት ብቻውን የሚገባ የውጭ ባለሀብት በመሠረቱ ቢያንስ 200,000 ዶላር ያመጣል፣ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ከተጣመረ ግን 150,000 ይበቃዋል።

ፍራንቻይዚንግስ ከላይሰንሲንግ በምን ይለያል?

በቁጥጥሩ ጥብቀት። ላይሰንስ የሰጣችሁት ሰው ስማችሁን ወይ ቴክኖሎጂያችሁን ይጠቀማል፣ ሥራውን ግን እንደራሱ ይሠራል። ፍራንቻይዝ የወሰደው ሰው የወንበሩን ቀለም ሳይቀር እናንተ ባላችሁት መንገድ ያደርጋል። ጥያቄው ውስጥ ሆቴል ወይም ፈጣን ምግብ ካለ ፍራንቻይዝ፣ ፋብሪካና ፓተንት ካለ ላይሰንሲንግ ገምቱ፣ ከዚያ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።